ታንከሩ ባዶ ነው ወይስ ሽቦው ተበጥሷል?

አንዲት አነስተኛ ከተማ ውኃዋን የምታገኘው ኮረብታ ላይ ከተሠራ ማጠራቀሚያ ነው እንበል። ማጠራቀሚያው 5 ሜትር ጥልቀት አለው። ከሥሩ የውኃውን ግፊት እየለካ ከፍታውን የሚናገር ትራንስሚተር ተገጥሞለታል። ከዚያ ሁለት ሽቦ ተቀብሮ፣ 300 ሜትር ቁልቁል ወርዶ፣ ፓምፕ ጣቢያው ውስጥ ካለው መቆጣጠሪያ ሳጥን ይገባል። መቆጣጠሪያው፣ ባለሙያዎቹ ፒኤልሲ የሚሉት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሥራው ቀላል ነው፤ ውኃው ከ1.5 ሜትር በታች ሲወርድ ፓምፑን ያስነሣል፣ 4.5 ሜትር ሲደርስ ያቆማል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስክሪኑ በድንገት 0% አለ። ፓምፑ ተነሣ። ተረኛው ሠራተኛም ምንም አልጠረጠረም፤ ታንከር ሲጎድል ፓምፕ ይነሣል፣ ሌላ ምን ይሆናል? ብዙም ሳይቆይ የኮረብታው ጥበቃ ስልክ ደወለ፦ «ኧረ አጥፉት! ውኃው ገደሉን ይዞ እየወረደ ነው!»

ማጠራቀሚያው ባዶ አልነበረም፤ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ባዶ የሆነው ሽቦው ነው።

ሁለቱን መለየት ያልቻለው መቆጣጠሪያው እንጂ ሲግናሉ አይደለም። ሲግናሉ ገና ሲፈጠር ይህን ልዩነት እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው። በፋብሪካዎች፣ በውኃና በኃይል ጣቢያዎች የሚሠራው የተለመደው የመለኪያ ሲግናል ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር የሚደርስ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። በእኛ ማጠራቀሚያ 4 ሚሊአምፒር ማለት ውኃ የለም፣ 20 ማለት 5 ሜትር ሙሉ ነው፤ 12 ደግሞ እኩሌታ። ባዶነት የሚነገረው በዜሮ ሳይሆን በ4 መሆኑ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ልጅ ሲጠራ ምንም የሚያመጣው ባይኖረው እንኳ «አቤት» ይላል፤ 4 ሚሊአምፒር የትራንስሚተሩ «አቤት» ነው። «ውኃ የለም፣ እኔ ግን አለሁ» ማለቱ ነው። ዜሮ ከመጣ አቤት የሚል ጠፍቷል።

ይህ ልማድ ከኤሌክትሪኩም ይቀድማል። ፋብሪካዎች ሲግናል የሚልኩት በቀጭን ቱቦ በሚሄድ የታመቀ አየር በነበረበት ዘመን መደበኛው ልክ ከ3 እስከ 15 ፒኤስአይ ነበር። እዚያም ዝቅተኛው ልክ ዜሮ አልነበረም፤ ዜሮ ከታየ ቱቦው ተቀዷል ወይም አየሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ከ4 እስከ 20 ያለው የኤሌክትሪክ ልክ በአሜሪካ የመሣሪያ ባለሙያዎች ማኅበር ደረጃ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በሁለቱም ላይ ታችኛው ቁጥር የላይኛው አንድ አምስተኛ ነው። ድሮ አየሩን ያስተካክሉ የነበሩ ቴክኒሽያኖች አዲሱን ሲግናል ለመልመድ ያልተቸገሩትም በከፊል ለዚህ ይመስላል።

ባለ 4ቱ ሚሊአምፒር ሌላም ጥቅም አለው። ባለ ሁለት ሽቦው ትራንስሚተር የራሱ የመብራት መስመር የለውም። በሲግናሉ ሽቦ ላይ ከሚያልፈው ጅረት ላይ ራሱን ይመግባል፤ ውኃው ሙሉ በሙሉ ቢደርቅ እንኳ የሚኖርባት ከ4 ያነሰች ጥቂት ድርሻ ትቀርለታለች። ስለዚህ ዑደቱ አንድ ቀለበት ነው። ከፓነሉ 24 ቮልት ይነሣል፣ በአንዱ ሽቦ ኮረብታውን ይወጣል፣ ትራንስሚተሩን አልፎ በሌላኛው ይመለሳል፣ በፒኤልሲው ካርድ ውስጥ ባለ 250 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ፓወር ሳፕላዩ ይገባል። ካርዱ የሚያነበው በዚያ ሬዚስተር ላይ የሚወድቀውን ቮልት ነው፦ 4 ሚሊአምፒር 1 ቮልት፣ 20 ሚሊአምፒር 5 ቮልት ይሰጣል። ቀለበቱ የትም ቦታ ላይ ቢበጠስ በየትም ቦታ ጅረት የለም።

ከላይ ባለው ታሪክ ውስጥ ስሕተቱን የሠራው ቁጥሩን ወደ መቶኛ የቀየረው ፕሮግራም ነው። ዜሮ ሚሊአምፒር በትክክል ቢሰላ -25% ነው። ማንም ታንከር ከባዶ በታች በሩብ ሊጎድል አይችልምና ይህን ያየ ሰው ወዲያው ይነቃል። ነገር ግን ብዙ ፕሮግራም አዘጋጆች ስክሪን ላይ የነጌቲቭ ቁጥር ማየት ስለማይወዱ ከዜሮ በታች ያለውን ሁሉ ዜሮ እንዲያደርግ ያዝዙታል። ስክሪኑ ያምራል፤ ዋናው ማስረጃ ግን ተሰርዟል። ከዚህም የሚገርም አለ። አንዳንድ ካርዶች የሽቦ መበጠስን ሲያዩ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይኛው ጫፍ ዘልለው 32767 የሚል ቁጥር ይሰጣሉ። ይህን እንደ መለኪያ የወሰደ ፕሮግራም ታንከሩ ሞልቶ የፈሰሰ ስለሚመስለው ፓምፑን ያቆምና ከተማውን ያስጠማል። አንድ የተቆረጠ ሽቦ፣ ሁለት ተቃራኒ ውሸት።

ስለዚህ ልምድ ያለው የኢንስትሩመንት ቴክኒሽያን ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፐርሰንት ነው?» ሳይሆን «ስንት ሚሊአምፒር ነው?» ብሎ ነው። ከ4 በታች ያለው ስፍራ ባዶ ሜዳ አይደለም። በጀርመን የተመሠረተው ናሙር የተባለው የመለኪያና ቁጥጥር ተጠቃሚዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣውና በኋላም ባሻሻለው ኤንኢ 43 በተባለ ምክረ ሐሳብ ለዚህ ስፍራ ድንበር አበጅቶለታል። ከ3.8 እስከ 20.5 ያለው መለኪያ ነው፤ ከ4 ትንሽ ቢወርድም እንደ እውነተኛ ንባብ ይቆጠራል። 3.6ና ከዚያ በታች፣ ወይም 21ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መለኪያ መሆኑ ቀርቶ የብልሽት መልእክት ሆኗል። ትራንስሚተሩ በውስጡ ችግር ሲያገኝ ሆን ብሎ ራሱን ወደ 3.6 ያወርዳል። 3.6 እና 0 በስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት 0% ሊመስሉ ይችላሉ፤ ለቴክኒሽያኑ ግን የተለያየ መንገድ ናቸው። በ3.6 ትራንስሚተሩ በሕይወት አለ፣ ሽቦው ደኅና ነው፣ መብራቱም ይደርሰዋል፤ ታመመ የተባለው ሴንሰሩ ወይም የራሱ ውስጥ ነው። በ0 ግን ስለ ሴንሰሩ የሚባል ነገር የለም፤ ሴንሰሩ ቢጠየቅም መልሱ አይደርስም።

ወደ ሌሊቱ እንመለስ። ቴክኒሽያኑ ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት ተረኛውን «ፓምፑን ወደ ማንዋል አድርገው» ይለዋል። ይህ ጨዋታ አይደለም። ለምርመራ ብሎ አንድ ሽቦ በፈታ ቁጥር ሲግናሉ ዜሮ ይሆናል፣ ዜሮ በሆነ ቁጥር ፓምፑ ይነሣል።

ከዚያ ምንም ሽቦ ሳይፈታ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጎ በካርዱ 250 ኦም ሬዚስተር ግራና ቀኝ ይነካል። 0.9 ቮልት ቢያገኝ 3.6 ሚሊአምፒር ነው፤ መሰላል ይዞ ወደ ትራንስሚተሩ ይሄዳል። ያገኘው ግን ፍጹም ዜሮ ነው። ቀጥሎ ፓወር ሳፕላዩን ይለካል፦ 24 ቮልት አለ። ከዚሁ ሳፕላይ የሚመገቡ ሌሎች መለኪያዎችም እየሠሩ ነው። ሁሉም አብረው ቢሞቱ ኖሮ ጥርጣሬው ሳፕላዩ ላይ ወይም የጋራ ፊውዙ ላይ ይወድቅ ነበር፤ አንድ ብቻ ሲሞት ግን ነገሩ በዚያው አንድ መስመር ላይ ነው። የመስመሩ የራሱ ፊውዝም ደኅና ነው።

የቀረው ኮረብታውን መውጣት ነው። የትራንስሚተሩ ክዳን ሲከፈት ትንሿ ማሳያው ጠፍታለች። በሁለቱ ተርሚናሎች መካከል ሲለካ 0 ቮልት። ጀማሪ ቢሆን እዚህ ላይ «መብራት አይመጣም» ብሎ ወደ ላይ የሚወጣውን ሽቦ ይከታተል ነበር። ልምድ ያለው ግን አንድ ልኬት ይጨምራል፤ እያንዳንዱን ተርሚናል ከምድር ጋር ይለካል። የፖዘቲቩ ተርሚናል ከምድር 24 ቮልት፣ የነጌቲቩም ከምድር 24 ቮልት ሆነ። መብራቱ መጥቷል ማለት ነው፤ ትራንስሚተሩንም አልፎ ወጥቷል። መመለሻ አጥቶ ነው የቆመው። ሁለቱም ተርሚናል እኩል ቮልት ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው ልዩነት የለም። የተበጠሰው እንግዲህ ወደ ታች የሚመለሰው ሽቦ ነው።

በተመሳሳይ ቦታ ሌሎች ቁጥሮች ሌላ ይናገራሉ። ሁለቱም ተርሚናል ከምድር 0 ቢሆኑ የተቆረጠው ወደ ላይ የሚወጣው ሽቦ ነበር። በሁለቱ ተርሚናሎች መካከል ሙሉ 24 ቮልት ኖሮ ጅረት ባይኖር ደግሞ ቀለበቱ ሙሉ ነው፣ የሞተው ትራንስሚተሩ ራሱ ነው። 24ቱ የነጌቲቭ ምልክት ይዞ ከታየ ግን ማንም አልሞተም፤ ሽቦው በግልባጭ ታስሯል፣ አብዛኞቹ ትራንስሚተሮችም በዚህ አይቃጠሉም፣ ዝም ብቻ ይላሉ።

ሽቦውን የቆረጠው ለሌላ ሥራ የተቆፈረ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ሠራተኞቹ ጫፎቹን አጠላለፉ፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለሉ፣ አፈር መለሱበት። ስክሪኑ 4.6 ሜትር አለ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለተኛው ብልሽት የተዘራው በዚያች ሰዓት ነው።

ክረምት ገባ። ስክሪኑ አሁን 0% አይልም፤ ችግሩ እንዲያውም ደኅና መምሰሉ ነው። ታንከሩ ሲጎድል ቁጥሩ በትክክል ይወርዳል፣ ሲሞላ በትክክል ይወጣል፤ 3.68 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ግን ይቆማል። ውኃው እየጨመረ ቁጥሩ አይነቃነቅም። መቆሚያው 4.5 ሜትር ስለሆነ ፓምፑ አይቆምም፤ ውኃው እንደገና ገደሉን ይዞ ይወርዳል። «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» የሚል ፍርድ ወዲያው ይሰጣል፤ አዲስ ትራንስሚተርም ይገዛል፤ አዲሱም በዚያው 3.68 ላይ ይቆማል። መሣሪያ ሁለት ጊዜ በአንድ ቦታ አይሰነፍም፤ እዚህ ላይ ገንዘብ ያወጣው መሥሪያ ቤት ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት።

መልሱ ያለው በቮልቱ ሒሳብ ውስጥ ነው። ትራንስሚተሩ ለመሥራት በተርሚናሎቹ ላይ ቢያንስ፣ በዚህ ምሳሌ፣ 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ትክክለኛው ቁጥር በየመሣሪያው መግለጫ ላይ ይጻፋል። ሳፕላዩ የሚሰጠው 24 ነው። የካርዱ 250 ኦም በ20 ሚሊአምፒር 5 ቮልት ይበላል። ደኅና የሆነ የ1 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ መሄጃና መመለሻው 600 ሜትር ሲሆን፣ 11 ኦም ያህል ብቻ ነው፤ የሚበላውም ሩብ ቮልት አይሞላም። ለትራንስሚተሩ 18.8 ቮልት ይተርፈዋል፣ ከበቂ በላይ ነው። አፈር ውስጥ በፕላስተር የተጠቀለለው ቋጠሮ ግን እርጥበት ገብቶት ዝጓል። የቋጠሮው ተቃውሞ 500 ኦም ደርሷል እንበል። አሁን በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ ሲደመር 761 ኦም ነው። ለትራንስሚተሩ 12 ቮልት ካስቀረን ለመንገዱ የሚቀረው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ 12ን ለ761 ስናካፍል 15.8 ሚሊአምፒር ገደማ ይወጣል። ከዚያ በላይ ጅረት ማለፍ አይችልም። 15.8 ሚሊአምፒር ደግሞ በሜትር ሲመነዘር 3.68 አካባቢ ነው።

ውኃው ዝቅ ባለ ጊዜ ሁሉም ነገር ትክክል የሚሆነውም ለዚህ ነው። በ1.5 ሜትር የሚፈለገው 8.8 ሚሊአምፒር ብቻ ስለሆነ ዝገቱ የሚበላው ትንሽ ነው፤ ለትራንስሚተሩ ከ17 ቮልት በላይ ይደርሰዋል። የጉልበት ማነስ የሚታወቀው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። አንዳንድ ትራንስሚተር በዚህ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሌላው ደግሞ ቮልት ሲያንሰው ይጠፋል፣ ጅረቱ ሲወርድ ቮልቱ ይመለስለትና እንደገና ይነሣል፣ ስክሪኑም ላይ ቁጥሩ ሲወድቅና ሲነሣ ያድራል።

እዚህ ላይ ጎበዝ ቴክኒሽያኖችን ሳይቀር የሚያሳስት ወጥመድ አለ። የተለመደው ምርመራ ትራንስሚተሩን ፈትቶ በቦታው የእጅ ካሊብሬተር ማሰርና 4፣ 12፣ 20 ሚሊአምፒር እያሳለፉ ስክሪኑን ማየት ነው። ካሊብሬተሩ ግን ራሱን የሚመግበው በባትሪ ስለሆነ ከዑደቱ የሚፈልገው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። በ500 ኦም ዝገት ውስጥም 20 ሚሊአምፒር ያለ ችግር ያሳልፋል። ስክሪኑ 5 ሜትር ይላል፣ ሽቦው ነፃ ይወጣል፣ ጥፋቱ እንደገና በትራንስሚተሩ ላይ ይወድቃል። መውጫው አንድ ልኬት መጨመር ነው። ካሊብሬተሩ 20 እያሳለፈ ሳለ በራሱ ጫፎች ላይ ስንት ቮልት እንደቀረ በቴስተር መለካት ነው። 18.8 መሆን ሲገባው 8.8 ከሆነ 10 ቮልት በመንገድ ተበልቷል፤ 10 ቮልት በ20 ሚሊአምፒር ደግሞ በትክክል 500 ኦም ነው። ዝገቱ ሳይቆፈር ተመዘነ ማለት ነው።

ሃርት በተባለው መገናኛ ከትራንስሚተሩ ጋር የሚነጋገሩ ሰዎችም እንዲሁ ይሳሳታሉ። የእጅ መሣሪያቸው ላይ «ጅረት 18.72» የሚል ያነባሉ፤ ካርዱ ላይ ግን 15.8 ይመጣል። በአብዛኞቹ ትራንስሚተሮች ላይ ይህ ቁጥር ትራንስሚተሩ ልልክ የፈለግኩት የሚለው ነው እንጂ ሽቦው ላይ የተለካ አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች መለያየታቸው ራሱ ግን ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሴንሰሩ ውኃውን በትክክል አውቆታል፣ የከሸፈው መንገዱ ነው።

በመንገድ የሚጠፋ ጅረት ሌላ መልክም አለው። የመመለሻው ሽቦ ሽፋን ተልጦ እርጥብ አፈር ቢነካ፣ እንደ ብዙ ፓነሎች የሳፕላዩ ነጌቲቭ ከምድር ጋር ታስሮ ከሆነ፣ ጅረቱ ከፊሉ በአፈሩ በኩል አቋርጦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ካርዱ የሚያየው የተረፈውን ነው። የአፈሩ መንገድ 1,000 ኦም ቢሆን አንድ አምስተኛው ይጠፋል። ትራንስሚተሩ በሰላም ይሠራል፣ ማሳያው በርቷል፣ 4.6 ሜትር ይላል፤ ታች ያለው ስክሪን 3.4 ይላል። 1.5 ሜትር የሆነውም 0.95 ይሆናል። ከዝገቱ የሚለየውም ይኸው ነው። ዝገት የላይኛውን ጫፍ ብቻ ይቆርጣል፤ ስርቆቱ ግን ከየልኩ ድርሻውን ይወስዳል። ታንከሩ በእውነት ባዶ ቢሆን 4 መሆን የሚገባው 3.2 ሆኖ ይመጣል። 3.2 ወይም 1.7 የመሰለ፣ ከ0ም ከ3.6ም ያልሆነ ቁጥር ሲታይ ይህ የትራንስሚተሩ ቋንቋ አለመሆኑን መጠርጠር ይገባል፤ ወይ ጅረት እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ቮልት አንሶታል፣ ወይም በተቆረጠ ሽቦ ጫፎች መካከል ውኃ ገብቷል። በተቃራኒው ዝናቡ የማገናኛ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ የፖዘቲቩንና የነጌቲቩን ተርሚናል ካገናኘ ንባቡ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ትራንስሚተሩን ሳይነካ የሚያቋርጥ ተጨማሪ ጅረት ስላለ ነው። በዝናብ ጊዜ ቁጥሩ ወዴት እንደተንቀሳቀሰ የሚመዘግብ ኦፕሬተር ለቴክኒሽያኑ የግማሽ ቀን ሥራ ያቀልለታል።

ሴንሰሩ ራሱ ሲታመም ምን ይታያል? ለዚህ ከግፊት ይልቅ ሙቀት ይሻላል፤ ለምሳሌ ወተት በሚያፈላ ማሽን ላይ ያለ ፒቲ100። ይህ ሴንሰር ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ ነው፤ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ይሆናል። ሽቦው ሲበጠስ ተቃውሞው ወሰን ያጣል፤ ትራንስሚተሩ ይህን አይቶ እንደተዋቀረለት ወደ 3.6 ይወርዳል ወይም ወደ 21 ይወጣል። የትኛውን እንደሚመርጥ ሲገጠም የተወሰነ ነው፤ ማሞቂያን የሚቆጣጠር ከሆነ ወደ ታች መውረዱ አደገኛ ነው፣ መቆጣጠሪያው ወተቱ በረደ ብሎ እንፋሎት ይለቅበታልና። ማረጋገጫው ርካሽ ነው። ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው ተራ የ100 ኦም ሬዚስተር ማሰር ነው። የትራንስሚተሩ ልክ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ከሆነ 4 ሚሊአምፒር አካባቢ ይመጣል። ከመጣ ትራንስሚተሩም ሽቦውም ጤነኛ ናቸው፤ የሚቀየረው ሴንሰሩ ብቻ ነው። በሴንሰሩ ሽፋን ውስጥ እርጥበት ሲገባ ግን ነገሩ ይከፋል። እርጥበቱ ከፕላቲኒየሙ ጎን ሌላ መንገድ ስለሚከፍት ተቃውሞው ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ካለው ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ቁጥሩ ግን በ4ና በ20 መካከል ስለሆነ ማንም አይጮኽም።

አንድ የድንበር ችግርም አለ፣ ሰው ብዙም የማያነሣው። ሁሉም አምራች 3.6ን አይጠቀምም። የታወቁ የአሜሪካ ትራንስሚተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የብልሽት ልካቸው 3.75 ሊሆን ይችላል። ፒኤልሲው ደግሞ ከ3.6 በታች ሲሆን ብቻ እንዲጮህ ተደርጓል እንበል። ትራንስሚተሩ «ታምሜያለሁ» ይላል፣ ፒኤልሲው «ባዶ ነው» ብሎ ይሰማዋል። ሁለቱንም ወደ አንድ ልክ ማምጣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ትራንስሚተሩን የሚገጥመውና ፒኤልሲውን የሚያዘጋጀው የተለያዩ ሥራ ተቋራጮች ስለሆኑ ማንም አይሠራውም።

ይህ ሁሉ ጥበብ የማይደርስበት ቦታም አለ። ከትራንስሚተሩ በፊት ያለው መክፈቻ ለጽዳት ተዘግቶ ቢረሳና ቱቦው ቢፈስስ፣ ትራንስሚተሩ ያለምንም ውሸት 4.0 ሚሊአምፒር ይልካል፤ እሱ ዘንድ በእርግጥ ውኃ የለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2005 በቴክሳስ ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ የደረሰው ፍንዳታ የዚህ ዓይነቱ ንባብ የከፋ ምሳሌ ነው። ከ50 ሜትር የሚበልጠው ማማ ከልኩ እጅግ በላይ በፈሳሽ እየተሞላ ሳለ የከፍታ ትራንስሚተሩ ፈሳሹ እየቀነሰ እንደሆነ ያሳይ ነበር። ቁጥሩ በልኩ ውስጥ ስለነበር ብልሽት አልመሰለም፤ ለብቻው የተገጠመው የከፍታ ማንቂያም አልጮኸም። 15 ሰዎች ሞቱ፣ 180 ቆሰሉ። የእኛ ማጠራቀሚያ ላይም ከአናቱ ራሱን የቻለ ተንሳፋፊ ስዊች፣ በራሱ ሽቦ፣ ፓምፑን እንዲያቆም የሚገጠመው በዚህ ምክንያት ነው፤ በየጊዜውም በእጅ ተነሥቶ ይፈተሻል።

በፕሮግራሙ በኩል የሚደረገው ብዙ አይደለም። ጥሬው ሚሊአምፒር ከመቶኛው ጎን ይታይ፤ በ3.6 ወይም ከዚያ በታች ለጥቂት ሰከንድ ከቆየ ንባቡ «መጥፎ» ተብሎ ይመልከት፣ ፓምፑም በዚያ ንባብ አይነሣ። ጥቂት ሰከንድ የሚባለው መብራት ሲመለስና ትራንስሚተሩ ገና ሲነቃ ለአፍታ ዝቅ ስለሚል ነው።

በሽቦው በኩል ደግሞ አንዳንድ ቴክኒሽያኖች ቆንጆ ልማድ አላቸው። መስመሩ አዲስ ሲገጠም ትራንስሚተሩ 4፣ ከዚያም 20 ሚሊአምፒር እንዲልክ ያዝዙትና በተርሚናሎቹ ላይ ያለውን ቮልት ለክተው በፓነሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጽፉታል። በዚህ መስመር 23.0 እና 18.8 ይሆናል። ከዓመት በኋላ በዚያው 20 ሚሊአምፒር ላይ 17.2 ቢገኝ 1.6 ቮልት ጠፍቷል፤ በ20 ሚሊአምፒር ሲካፈል 80 ኦም ነው። ስክሪኑ ላይ ገና አንድም ቁጥር አልተሳሳተም። ቴክኒሽያኑ ግን ቋጠሮው የተቀበረበትን ቦታ አስቆፍሮ፣ ፕላስተሩን ቀድዶ፣ ውኃ በማያስገባ ማገናኛ ይተካዋል፤ ከዚያም እንደገና ለክቶ አዲሱን ቁጥር ከነቀኑ ከድሮው ሥር ይጽፋል።